ሰዓት ሲቀየር የክሮን ሥራ አንዱ ተደጋገመ፣ ሌላው ግን አልተደጋገመም፤ ለምን?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰርቨራችን ዴቢያን ነው፤ የሰዓት ክልሉም Europe/Berlin ነው። ክሮንታቡ ውስጥ እነዚህ ሁለት መስመሮች አሉ፦

```
*/30 2 * * *  /usr/local/bin/remind.sh
15 2 * * *    /usr/local/bin/backup.sh
```

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 26 ቀን 2025 ሰዓቱ ወደ ኋላ ሲመለስ የመጀመሪያው ሥራ በሁለት ፈንታ አራት ጊዜ ሠርቶ ደንበኞች ማስታወሻው ተደጋግሞ ደረሳቸው፤ ባክአፑ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ሠራ። በዚያው ዓመት ማርች 30 ሰዓቱ ወደ ፊት ሲገፋ ደግሞ የመጀመሪያው ጨርሶ አልሠራም፤ ባክአፑ ግን ከ03:00 በኋላ ሠርቶ አገኘሁት። ልዩነቱ ከምን የመጣ ነው? እንዴትስ ላስተካክለው?

መልስ 1

መፍትሔው UTC ነው፤ እሱ በዓመት ሁለት ጊዜ አይቀያየርም። የሰርቨሩን ሰዓት መንካት ካልፈለጉ በክሮንታቡ አናት ላይ `TZ=UTC` ብለው ይጻፉና ይገላገላሉ።

መልስ 2

UTCን በተመለከተ ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ዴቢያን ላይ በክሮንታብ ውስጥ የሚጻፈው `TZ` የሚደርሰው ለሚነሣው ስክሪፕት ብቻ ስለሆነ፣ ሥራው የሚነሣበትን ሰዓት አይለውጠውም። በክሮንታብ ውስጥ የሰዓት ክልል መወሰን የሚቻለው ለምሳሌ cronie በሚባለው ሌላ ክሮን ሲሆን፣ እሱም `CRON_TZ` በሚል ስም ነው።

ወደ ጥያቄዎ ስንመለስ፣ ልዩነቱን የፈጠረው ኮከቧ ናት። የዴቢያን ክሮን ሰዓቱ ከሦስት ሰዓት ባነሰ ሲዘል ሥራዎችን በሁለት ይከፍላል። በደቂቃውም በሰዓቱም ቦታ ኮከብ የሌለበትን መስመር ቁርጥ ሰዓት እንዳለው ስለሚቆጥረው፣ የተዘለለበትን ሥራ ከዝላዩ በኋላ ወዲያው ያካክሰዋል፤ በተደገመው ሰዓት ውስጥ ግን ዳግመኛ አያስነሣውም። ከሁለቱ በአንዱ ኮከብ ካለ ግን ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት እንዳለ ይከተላል፤ `*/30`ም በኮከብ ስለሚጀምር የሚመደበው ከዚሁ ወገን ነው። ሎጉን በዚህ ትእዛዝ ቢያዩት በግልጽ ይታያል፦

```
journalctl -u cron -o short-iso --since "2025-10-26" --until "2025-10-27"
```

የማስታወሻው ሥራ የተነሣባቸው ሰዓቶች እንዲህ ሆነው መገኘት አለባቸው፦

```
2025-10-26T02:00:01+0200
2025-10-26T02:30:01+0200
2025-10-26T02:00:01+0100
2025-10-26T02:30:01+0100
```

ከመጨረሻው `+0200` እና `+0100` ውጪ የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮችና የኋለኞቹ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ያለ እነሱ ሎጉ ራሱ የተደጋገመ ይመስላል። መስመሩን `0,30 2 * * *` ብለው ቢቀይሩት ኦክቶበር ላይ ሁለት ጊዜ ብቻ ይሠራል። ማርች ላይ ግን የ02:00 እና የ02:30 ሥራዎች ሁለቱም ከ03:00 በኋላ ተከታትለው ስለሚነሡ፣ ስክሪፕቱ ይህን መቻሉን ማረጋገጥ ይገባል። በተጨማሪም በተደገመው ሰዓት መካከል ክሮንን ሪስታርት ካደረጉት፣ ሥራውን ቀድሞ መሥራቱን ስለማያስታውስ ሊደግመው ይችላል።

መልስ 3

እኔም ተመሳሳይ ችግር ነበረብኝ። ላፕቶፔ ሌሊት ተዘግቶ ስለሚያድር ባክአፑ ያመልጠኝ ነበር፤ አናክሮን ከጫንኩ ወዲህ ግን አምልጦኝ አያውቅም።

መልስ 2

አናክሮን የሚጠቅመው ማሽኑ ጠፍቶ ላመለጠ ሥራ ነው። የጠያቂው ሰርቨር ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያደረ ነው።

ጠያቂው

ሎጉ ልክ እንዳሉት ነው፤ እጅግ አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። ስክሪፕቱ በ`flock` ተቆልፏል፤ ታዲያ መደገሙን ለምን አልከለከለውም? ሰርቨሩን ወደ UTC ባዞረውስ ምን ይጎድልብኛል?

መልስ 2

`flock` የሚከለክለው ሁለት ሥራዎች በአንድ ጊዜ እንዳይሮጡ ነው። የእርስዎ ግን በአንድ ሰዓት ልዩነት የተነሡ ስለሆኑ፣ ሁለተኛው ሲደርስ ቁልፉ ቀድሞ ተለቅቋል። ለደንበኛ መልእክት በሚልክ ሥራ ላይ እኔ የምተማመነው፣ መልእክቱ መላኩን ከደንበኛው መለያና ከቀኑ ጋር በዳታቤዝ መዝግቦ፣ ከመላክ በፊት ያንን መዝገብ ማየት ነው፤ ክሮኑ ምንም ቢያደርግ ይህ ያድናል።

ወደ UTC ካዞሩ `30 1 * * *` ብለው የያዙት ሥራ በበርሊን አቆጣጠር በክረምት 02:30፣ በበጋ ደግሞ 03:30 ላይ ይነሣል። ለባክአፕ ይህ ምንም አይደለም፤ በአካባቢው ሰዓት ቀጠሮ ላለው ሥራ ግን አይሆንም። የሰዓት ክልሉን ከቀየሩም በኋላ `sudo systemctl restart cron` ማለትን አይርሱ፤ አለበለዚያ ክሮን በቀድሞው ሰዓት ይቀጥላል።

መልስ 4

ከተቻለ ሥራዎቹን ከ02:00 እስከ 03:00 ካለው ሰዓት ማውጣት ይቀላል፤ እኛ 04:10 ላይ እናስነሣቸዋለን። ያልፈታነው የዕለቱን ሽያጭ የሚደምረውን ሪፖርት ነው፤ ኦክቶበር ላይ ቀኑ 25 ሰዓት፣ ማርች ላይ 23 ሰዓት ስለሚሆን ካለፈው ቀን ጋር ሲነጻጸር ያሳስታል። በ24 ሰዓት እንቁረጠው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ያኔ ከደረሰኞቹ ቀን ጋር አይገጥምም ባይ ነኝ። እናንተ እንዴት ታደርጉታላችሁ?