የቤተሰብ ፎቶ፦ ስልኩን ቀጥ አድርጌ ልያዝ ወይስ አጋድሜ?

የበኩር ልጅ (ጠያቂ)
ለአያታችን 80ኛ ዓመት ልደት 14 ሰው ተሰብስቦ ነበር። እንደለመድኩት ስልኩን ቀጥ አድርጌ፣ ሁሉንም በአንድ ረድፍ አቁሜ አነሳኋቸው። ሰው አልገባ ሲለኝ ወደ ኋላ ስል ስል ጀርባዬን ግድግዳ ያዘኝ። ፎቶው ላይ ከላይ ጣሪያ፣ ከታች ምንጣፍ ሞልቶ ሰዎቹ መሃል ላይ እንደ ቀጭን መስመር ሆነዋል። ዳርና ዳር ከቆሙት ደግሞ ግማሽ ፊታቸው ብቻ ነው የገባው። በሚቀጥለው ወር እንደገና እንገናኛለን፤ አንዱን ፎቶ አሳጥቤ ፍሬም ውስጥ ላስገባው አስቤአለሁ። ስልኩን መቼ ቀጥ አድርጌ፣ መቼ አጋድሜ ልያዝ?

ቀልጣፋ
ሁልጊዜ አጋድሚው፣ በቃ። ቀጥ ብሎ የተነሳ ፎቶ ቲቪ ላይ ሲከፈት ግራና ቀኙ ጥቁር ነው። እኔ ቀጥ አድርጌ ማንሳት ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

የመንትዮች እናት
የኔ ስልክ ላይ ፖርትሬት የሚለውን ስነካ ከኋላ ያለው ሁሉ ይደበዝዛል። ባለፈው የልጆቼን የልደት ፎቶ በሱ አንስቼ የፊተኞቹ ጥርት ብለው ሲወጡ ከኋላ የቆሙት አጎታቸው ጭጋግ ውስጥ ያሉ መሰሉ። እና እህቴ፣ ፖርትሬቱን ተይው ባይ ነኝ።

ካሜራ ሥራዬ
የመንትዮች እናት፣ ያልሽው እውነት ነው፣ ግን እሱ ሌላ ነገር ነው። ያ ከኋላ ያለውን የሚያደበዝዘው ሞድ ነው፤ ስልኩን አጋድመሽ ብትይዢውም ያደበዝዛል። ሰዎች ከፊትና ከኋላ በረድፍ ሲቆሙ አጥፍተሽ በተራው የፎቶ ሞድ አንሺ። እዚህ የተጠየቀው የስልኩ አያያዝ ነው።

የበኩር ልጅ፣ ያጋጠመሽን በልኬት ላሳይሽ። የብዙ ስልኮች ዋናው ካሜራ፣ ስክሪኑ ላይ 1× የሚለው፣ ቀጥ ሲል የሚያየው ስፋት ከቆምሽበት ርቀት ጋር ይቀራረባል። 3 ሜትር ርቀሽ ብትቆሚ ወደ 3 ሜትር ስፋት ይገባልሻል። ስታጋድሚው እዚያው ቆመሽ ስፋቱ ወደ 4 ሜትር ይደርሳል። ከስልክ ስልክ ትንሽ ስለሚለያይ ቤትሽ ውስጥ ሁለት ወንበር ግራና ቀኝ አስቀምጠሽ ሞክሪው።

አሁን ወደ ልደቱ እንመለስ። 14 ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ሲቆም እያንዳንዱ 35 ሳንቲ ሜትር ቢይዝ እንኳ ረድፉ 5 ሜትር ገደማ ይሆናል። ግድግዳው የያዘሽ 4 ሜትር ተኩል ላይ ነው እንበል። ቀጥ ሲል የሚገባው 4 ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ለዚያ ነው የዳሮቹ ግማሽ ፊት የቀረው። እዚያው ቆመሽ አጋድመሽው ቢሆን 6 ሜትር ይገባ ነበር፣ ማንም አይቆረጥም።

ግን ማጋደሙ ብቻ ፎቶውን አያሳምረውም። አንድ ረድፍ ሆነው ሲገቡ ፊቶቹ አሁንም ትንንሽ ናቸው። በሁለት ረድፍ አድርጊያቸው፦ ሰባቱ ወንበር ላይ፣ አያትሽ መሃል፣ ሰባቱ ከኋላ ቆመው። ስፋታቸው ወደ 3 ሜትር ይወርዳል፤ አንቺም 3 ሜትር ርቀሽ አጋድመሽ ብታነሺ ግራና ቀኝ ግማሽ ግማሽ ሜትር ያህል ይተርፍሻል። ከ4 ሜትር ተኩል ወደ 3 ሜትር ስለቀረብሽ እያንዳንዱ ፊት በአንድ ተኩል እጥፍ ያድጋል። አሳጥበሽ ስታዪው የሚለየው እሱ ነው።

የተረፈውን ዳር አትጥዪው። ዳር የቆመ ሰው ፊት ወደ ጎን ይለጠጣል፣ 0.5 የሚለውን ከነካሽ ደግሞ ይብሳል። ቦታ ጠበበኝ ብለሽ ወደ 0.5 ከመሄድሽ በፊት አንድ ረድፍ ጨምሪ።

ቀልጣፋ
እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው፤ አጋድሚው።

ካሜራ ሥራዬ
ለቡድን ትክክል ነህ። «ሁልጊዜ» ያልከው ላይ ነው የማልስማማው። አያት የልጅ ልጇን አቅፋ ስትቀመጥ ቅርጻቸው ቁመት ነው፤ አጋድመህ ብታነሳቸው ግራና ቀኝ ባዶ ግድግዳ ይሞላል። ቀጥ አድርገህ ከጉልበታቸው በላይ ብትይዝ ፎቶውን ይሞሉታል። አንድ ሰው ከእግር እስከ ራስ፣ ሁለት ሰው ተቃቅፈው፣ አንዱ ተቀምጦ አንዱ ከኋላው ቆሞ፤ እነዚህን ቀጥ አድርጌ ነው የማነሳቸው። ከአራት አምስት ሰው በላይ ጎን ለጎን ሲሆን አጋድማለሁ።

ሥዕል ወዳድ
አንድ ነገር ልጠይቅ። ቀጥ አድርጌ አንስቼ በኋላ ብቆርጠውስ? ስልኬ 12 ሜጋፒክስል ነው፣ ይበቃኛል ብዬ ነው።

ካሜራ ሥራዬ
ቀጥ ያለውን ፎቶ ወደ አግድም ስትቆርጥ ሙሉ ስፋቱን ብትይዝ እንኳ ከ12ቱ 7 ገደማ ነው የሚቀርህ። ለትንሽ ፎቶ ይበቃል። ዳር ላይ ያልገባ ሰው ግን በመቁረጥ አይመለስም።

ስለ ማሳጠብም የበኩር ልጅ ልታውቂው የሚገባ አለ። የስልኩ ፎቶ 4 ለ 3 ነው፣ የተለመደው 10 በ15 ወረቀት ግን ከዚያ ይረዝማል። ያጋደምሽው ፎቶ ወረቀቱን እንዲሞላ ሲታጠብ ከላይና ከታች ተደምሮ ከቁመቱ ዘጠኝ እጅ አንዱ ይቆረጣል። ስለዚህ ከራስ በላይና ከእግር በታች ትንሽ ተይ። ሴቲንግ ውስጥ 16:9 ወይም ሙሉ ስክሪን የሚል ካለ አትምረጪው፤ ብዙ ስልኮች ላይ ያንኑ ፎቶ አስቀድሞ መቁረጥ ነው።

የበኩር ልጅ (ጠያቂ)
ዛሬ በወንበር ሞከርኩት። 3 ሜትር ላይ አጋድሜ ስይዝ ያስገባልኝ ከ4 ሜትር ትንሽ በልጧል። ግን ሁለት ፎቶ ላይ ጥግ ላይ ጣቴ ገባ!

የመንትዮች እናት
እሱ እኔም ጋ ነበር። ስልኩ ሲጋደም ሌንሱ የግራ እጅ ጣቶች ሥር ይገባል። አሁን የድምፅ መጨመሪያው ወደ ላይ እንዲሆን አድርጌ በሁለት እጄ ጫፍና ጫፉን እይዘዋለሁ፤ የማነሳውም በዚያው ቁልፍ ነው። ስክሪኑን ለመንካት ስል ስልኩ አይነቃነቅም።

ቪዲዮ ልጅ
ቪዲዮ ካሰብሽ ከመጀመርሽ በፊት ወስኚ። ቀረጻው ከተጀመረ በኋላ ብታዞሪው የተቀረጸው ሰው በጎኑ ተኝቶ ነው የሚታየው። ቀጥ ብሎ የተቀረጸ 16:9 ቪዲዮ ቲቪ ላይ የስክሪኑን ሲሶ ገደማ ብቻ ነው የሚይዘው። በስልክ ለሚያዩ ዘመዶች ከሆነ ግን ቀጥ ያለው ይሻላቸዋል።

ሌላው፣ ጠረጴዛ ላይ ያለ ኬክ ከላይ ወደ ታች ስታነሺ ስልኩ የትኛው ወገን ላይ እንደሆነ ይጠፋዋል፤ ፎቶው ዞሮ ይወጣል። ኤዲት ውስጥ ገብተሽ አዙሪው፤ ጥራቱ አይነካም።

የበኩር ልጅ (ጠያቂ)
አመሰግናለሁ። የሚቀረኝ አንድ ነው፦ አምስት ልጆች ይጨመራሉ። ከፊት መሬት ላይ ቢቀመጡና ሦስት ረድፍ ቢሆን ቀጥ ይሻላል?

ካሜራ ሥራዬ
ሦስት ረድፍም ቢሆን ስፋቱ ከቁመቱ ይበልጣል፤ የቆሙት ከሁለት ሜትር አያልፉም። አጋድሚው።

ሥዕል ወዳድ
እኔ ግን ፍሬሙ በቁመት የሚሰቀል ከሆነ አምስት አምስት አድርጌ በአራት ረድፍ ቀጥ አድርጌ አነሳ ነበር። ደረጃ ካለ የኋለኞቹ ከፍ ከፍ ብለው ይታያሉ።

ካሜራ ሥራዬ
ደረጃ ካለ እሺ። ሳሎን ውስጥ ግን አራተኛው ረድፍ ከሦስተኛው ጀርባ ይጠፋል። የበኩር ልጅ፣ መቆሚያ ደረጃ አላችሁ?

የበኩር ልጅ (ጠያቂ)
በረንዳው ላይ ሦስት ደረጃ አለ። ሁለቱንም አነሳና የትኛው ፍሬም ውስጥ እንደገባ እነግራችኋለሁ።