14 ቀን ጎንደር ልቆይ ነው፤ አበቦቼን ምን ላድርጋቸው?

ሶሊ፦ ለጥምቀት ቤተሰብ ጋ ጎንደር እሄዳለሁ። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነው የምኖረው፤ ቁልፍ የምተውለት ሰው የለኝም። ያሉኝ አንድ ፒስ ሊሊ፣ ትንሽ ፈርን እና ቅጠሉ እንደ ሰይፍ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ተክል ናቸው። አምና ስመለስ ፈርኑ ደርቆ ጠበቀኝ፤ በጣም ነው ያዘንኩት።

ማሜ፦ ቀላል ነው። ሃይላንድ ውሃ ሙይና ክዳኑን በምስማር ብሺው። ከዚያ ገልብጠሽ አፈሩ ውስጥ ትከዪው። እኔ ሁሌ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ጋሽ ደጉ፦ ማሜ፣ ለ3 ቀን እሺ። ለ14 ቀን ግን አላምነውም። አፈሩ ልል ከሆነ ውሃው በአንድ ሌሊት ያልቃል። ቀዳዳውን ጭቃ ከደፈነው ደግሞ ጠብ አይልም።

ሶሊዬ፣ መጀመሪያ ሁሉንም ከመስኮቱ አርቂያቸው። የጥር ፀሐይ አፈሩን ቶሎ ያደርቀዋል። ብርሃን ይኑር፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ አይረፍባቸው። ሰይፍ መሳዩን አትንኪው፤ እሱን የሚገድለው ጥማት ሳይሆን ውሃ ማብዛት ነው።

ለፒስ ሊሊዋ ወፈር ያለ የጥጥ ክር ፈልጊ። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊውና አንዱን ጫፍ በእንጨት እየገፋሽ የጣት ርዝመት ያህል አፈሩ ውስጥ ቅበሪው። ሌላው ጫፍ አጠገቧ ባለ የውሃ ባልዲ ውስጥ ታች ድረስ ይውረድ። በ4 ቀን ግማሽ ሊትር የምታጠጫት ከሆነ ለ14 ቀን 2 ሊትር ገደማ ይበቃታል፤ አንቺ ግን 4 ሊትር አድርጊ። ከመሄድሽ በፊት አፈሩን በደንብ አጠጪው፤ ክር ደረቅ አፈር አያርስም።

ፈርኑን አጠጪና ውሃው ተንጠፍጥፎ ሲያልቅ ብርሃን በሚያሳልፍ ፌስታል ሸፍኚው። ቅጠሉን እንዳይነካው ዳር ዳሩን ስንጥር ትከዪ። በማግስቱ ፌስታሉ ውስጡ ላብ ካወጣ ሠርቷል ማለት ነው። ፀሐይ ካገኘው ግን ይቀቀላል።

ኤልሲ፦ እኔ ዱባይ ነኝ። ስወጣ ኤሲውን ባጠፋው ሙቀቱ ይገድላቸዋል፣ ብተወው አየሩ ያደርቃቸዋል። የቱ ይሻላል?

ሶሊ፦ ጋሽ ደጉ፣ ሞከርኩት። ሁለት ቀን ሆነው፣ ባልዲው ወለል ላይ ነው፣ አበባዋ ጠረጴዛ ላይ። አፈሩ እየደረቀ ነው፤ ክሩን ስነካው ላዩ ላይ ደርቋል።

ጋሽ ደጉ፦ ክሩ ያን ያህል ሽቅብ አይስብም። ባልዲውን ከሳክሲዋ ጎን፣ እኩል ላይ አድርጊው። ከፍ ካደረግሽው ደግሞ እያንጠባጠበ ያጥለቀልቃታል። ክሩ የሚያብለጨልጭ ናይለን ከሆነም ቀይሪው።

ሶሊ፦ ናይለን ነበር! የመብራት ጧፍ ክር ገዛሁ፣ ባልዲውንም በርጩማ ላይ አወጣሁት። ዛሬ ጠዋት ክሩ አጠገብ ያለው አፈር ጥቁር ብሎ ረጥቧል። የፈርኑ ፌስታልም ውስጡ ጠብታ ይዟል። አንድ ቅጠል ግን ፌስታሉን ነክቶ ጠቁሯል፤ ልቁረጠው?

ጋሽ ደጉ፦ ቁረጪው፣ እንዳይበሰብስ። ኤልሲ ልጄ፣ ያንቺን ሀገር ሙቀት አላውቀውም፤ እዚያ ያላችሁ መልሱላት።