ለትምህርት ከሆስፒታል የምለቅ ነርስ ነኝ፤ የመልቀቂያ ደብዳቤዬን እዩልኝ

የመንዟ ነርስ
በሰሜን ሸዋ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ተኝተው የሚታከሙ ሕሙማን ክፍል ውስጥ 6 ዓመት ሠርቻለሁ። አዲስ አበባ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት በራሴ ወጪ ልጀምር ነው፤ ምዝገባው መስከረም 28 ነው። ዛሬ ነሐሴ 18 ቀን 2016 ነው። ደብዳቤዬ እንዲህ ይላል፦ «ትምህርቴን ለመቀጠል ዕድሉን ስላገኘሁ ሆስፒታሉ ተገቢውን ትብብር አድርጎልኝ ከሥራ እንዲያሰናብተኝ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ።» ይበቃል? መቼስ ላስገባው?

የደነባው
እህቴ፣ የትምህርት ፈቃድ እንዲህ በሁለት መስመር አይገኝም። በመጀመሪያ ክፍልሽ ሊደግፍሽ ይገባል፤ ከዚያ ኮሚቴ ያወዳድራል፤ ከተፈቀደልሽ ተመልሰሽ ለማገልገል ውል ትፈርሚያለሽ። ዘንድሮ ኮታ ካለቀ የሚመጣውን ዓመት ጠብቂ።

ከሸዋ ሮቢት
ነገሩን አታክብዱባት። አዋጅ 1156/2011 ግልጽ ነው፤ 30 ቀን አስቀድመሽ ታሳውቂያለሽ፣ ትወጫለሽ። ሒሳብሽንም በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ይከፍሉሻል። እኔ ከግል ክሊኒክ የወጣሁት እንደዚህ ነው፤ ማንም አልተናገረኝም።

ጡረተኛው የሰው ሀብት
እኅቴ ከሸዋ ሮቢት፣ የጠቀስሽው አዋጅ የግል ድርጅት ሠራተኛን ነው የሚመለከተው። ጠያቂያችን የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነች የምትተዳደረው በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ነው። አሁን በ2016 በሥራ ላይ ያለው የፌዴራሉ 1064/2010 እዚህም ላይ አንድ ወር አስቀድሞ ማሳወቅን ይጠይቃል፤ ነገር ግን አንቺ በጠቀስሽው ሕግ ውስጥ የሌለ አንድ ነገር አለው። ሠራተኛው በቀላሉ የማይተካ ከሆነ መሥሪያ ቤቱ ያንኑ አንድ ወር ጨምሮ እስከ 3 ወር ሊያቆየው ይችላል። የመንዟ ልጅ ግን የክልል ሠራተኛ ነሽና የክልሉን አዋጅ ከሰው ሀብት ቢሮ ተበድረሽ የሥራ መልቀቅን አንቀጽ በዓይንሽ አንብቢ። በዚያ ወንበር ላይ ሃያ ዓመት ተቀምጬ ያየሁት አንድ ነገር ነው፤ አንቀጹን ያነበበ ሠራተኛ ብዙ አይንገላታም።

አሁን ወደ ደብዳቤው። የደነባው ወንድማችን የትምህርት ፈቃድ የጠየቅሽ መሰለው፤ እኔ አልፈርድበትም። ሥራ አስኪያጁም እንደዚያው ነው የሚያነበው። «ተገቢውን ትብብር» እና «እጠይቃለሁ» ብለሽ ከጻፍሽ ጥያቄ አቅርበሻል፤ ጥያቄ ደግሞ መልስ ይጠብቃል። ደብዳቤው ኮሚቴ ይጠብቃል፣ ኮሚቴው ሳይሰበሰብ ወሩ ያልፋል፣ መስከረም መጨረሻ ላይ «የትምህርት ፈቃድሽ አልጸደቀም» የሚል መልስ ይደርስሻል። ያኔ መልቀቅሽን ያሳወቅሽበት አንድም ወረቀት አይኖርሽም። እንዲህ ጻፊው፦

ቀን፦ ነሐሴ 20 ቀን 2016 ዓ.ም
ለ፦ (የሆስፒታሉ ስም) ሥራ አስኪያጅ
ጉዳዩ፦ በራሴ ፈቃድ ሥራ መልቀቄን ስለማሳወቅ

«በሆስፒታሉ ከ(ቀን፣ ወር፣ ዓመት) ጀምሮ በነርስነት በማገልገል ላይ እገኛለሁ። የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት በራሴ ወጪ ለመከታተል ስለወሰንኩ፣ በሕጉ መሠረት የአንድ ወር ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ በመስጠት ከመስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም ጀምሮ ሥራዬን በራሴ ፈቃድ የምለቅ መሆኔን አሳውቃለሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ በመደበኛ ተራዬ እሠራለሁ፤ በእጄ ያለውንም ንብረትና ሥራ ለሚመደበው ሰው አስረክባለሁ። የሥራ መልቀቂያና የሥራ ልምድ ማስረጃ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።»

ስም፣ ፊርማ። ግልባጭ፦ ለሰው ሀብት፣ ለነርሲንግ አገልግሎት ኃላፊ።

እንደምታዪው «እጠይቃለሁ» የገባችው ማስረጃው ላይ ብቻ ነው። መልቀቁን ታሳውቂያለሽ እንጂ አትለምኚም። ሁለት ቅጂ ይዘሽ ወደ መዝገብ ቤት ሂጂ፤ አንዱን ተቀብለው በሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ጽፈው፣ ማኅተም አድርገው ይመልሱልሽ። ወሩ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነው እንጂ ኮምፒውተር ላይ ከጻፍሽበት ቀን አይደለም። ለኃላፊዋ በእጅ ሰጥተሽ «እሺ ልጄ፣ አደርሰዋለሁ» ካለችሽ ቆጠራው አልተጀመረም።

ከሸዋ ሮቢት
ጋሼ፣ አዋጁን በማምታታቴ ይቅርታ። ነገር ግን መስከረም 21 ከየት መጣ? ከነሐሴ 21 ብንቆጥር ነሐሴ 10 ቀን ይቀረዋል፣ ጳጉሜን 5፣ መስከረም 15 ሲሆን 30 ይሞላል።

ጡረተኛው የሰው ሀብት
ልክ ቆጥረሻል። ግን «30 ቀን» እና «አንድ ወር» ጳጉሜን ስትገባ ይለያያሉ። ከነሐሴ 20 እስከ መስከረም 20 አንድ ወር ነው የሚሉ አሉ፣ በቀን ቆጥረው መስከረም 15 የሚሉም አሉ። እኔ ረጅሙን የመረጥኩት በአምስት ቀን ጭቅጭቅ ልጅቱ «ማስጠንቀቂያ አላሟላችም» እንዳትባል ነው።

የደነባው
የተባለው ሁሉ መልካም ነው፤ እኔ ግን ምክንያቱን ባትጽፈው እመርጣለሁ። «ለትምህርት» ካለች «ስትመረቂ ትመለሻለሽ» ብለው ውል ሊያስፈርሟት ይሞክራሉ።

ጡረተኛው የሰው ሀብት
ሆስፒታሉ ካልከፈለላት ውል የሚያስፈርምበት መሠረት የለውም። ምክንያት መጻፍ ግዴታ አይደለም፤ ብትጽፈው ግን ከኃላፊዎቿ ጋር በሰላም ትለያያለች። ቀድሞ ዲፕሎማዋን ወይም ዲግሪዋን በመንግሥት ወጪ ተምራ ያላለቀ የአገልግሎት ግዴታ ካለባት ግን ነገሩ ይለወጣል፤ እሱን ሳታጣራ ደብዳቤ አታስገባ።

አንድ ነርስ ከደብረ ብርሃን
ደብዳቤው ላይ ብዙ ተባለ፤ እኔን ያሠቃየኝ ግን ክሊራንሱ ነው። ማስጠንቀቂያዬን ጨርሼ ፊርማ ለመሰብሰብ ስዞር ንብረት ክፍል «በስምሽ በንብረት ማውጫው ሞዴል 22 የወጣ የደም ግፊት መለኪያና ፐልስ ኦክሲሜትር አለ» አሉኝ። የግፊት መለኪያው ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሄዷል፤ እኔም ያኔ ወረቀት አላስፈረምኩም። ኦክሲሜትሩ የተሰበረ ሆኖ በመሳቢያ ውስጥ ተገኘ። የተሰበረው እንኳ ቀለለኝ፣ ዕቃው በአካል ስለነበረ መልሰው የንብረት መረከቢያውን ሞዴል 19 ቆረጡልኝ። የግፊት መለኪያውን የወሰደችው ልጅ ግን ወደ ሌላ ከተማ ተዛውራ ነበር። አምስት ሳምንት ፈጀ፤ ያለ ክሊራንስ ደግሞ መልቀቂያውን አይሰጡም። ትምህርት ቤት ሳልደርስ ቀረሁ ማለት አይደለም፤ ግን የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በስልክ ስከራከር አሳለፍኩ።

የመንዟ ነርስ
እግዜር ይስጥልኝ። የመንግሥት ግዴታ የለብኝም፤ ዲግሪዬን የከፈልኩት እኔ ነኝ። በስሜ ምን እንደወጣ ግን ማስታወስ አቃተኝ፤ አንድ የኦክስጅን መለኪያ እንኳ ለሕፃናት ክፍል ያዋስኩ ይመስለኛል። እስከ 3 ወር ቢያቆዩኝስ? ያኔ ኅዳር አጋማሽ ይሆናል፤ ምዝገባው አልፏል።

ጡረተኛው የሰው ሀብት
በነርስ ላይ «አትተካም» ማለት የሚቀለው በክፍሉ ውስጥ ሥልጠናውን የወሰደችው አንቺ ብቻ ከሆንሽ ነው። እንደዚያ ከሆነ ደብዳቤውን ከማስገባትሽ በፊት ነርሲንግ ኃላፊዋን አነጋግሪና ማን ሊተካሽ እንደሚችል ስም ይዘሽ ሂጂ። እምቢ ካሉ በጽሑፍ ይስጡሽ፤ በቃል የተባለ እምቢታ ለዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር አይታይም። ሬጅስትራሩንም አሁኑኑ ጠይቂ፤ መልቀቂያ ወረቀቱን በምዝገባ ቀን ይፈልጉታል ወይስ በኋላ ይቀበላሉ? ብዙው ነገር በዚህ መልስ ይወሰናል።

አንድ ነርስ ከደብረ ብርሃን
ያዋስሽውን መለኪያ ግን ዛሬ ማታ ተረኛ ሳለሽ ሄደሽ አምጪው። የሕፃናት ክፍል ኃላፊዋ ወደ ዕረፍት ልትወጣ ትችላለች፤ የኔም ነገር የተበላሸው በዚያው ነው።

የመንዟ ነርስ
ማታ ተረኛ ነኝ። ሰኞ ጠዋት ንብረት ክፍል ሄጄ የስሜን ዝርዝር አስወጣለሁ፤ ደብዳቤውን በነሐሴ 20 አስገባለሁ።