ከማዘርቦርዱ ሥር የቀረ መቆሚያ፦ ልሸፍነው ወይስ ላስወግደው?

በለገጣፎ ኮምፒውተር እየጠገንኩ የምኖር ስሆን፣ የምክር እርዳታችሁን እጠይቃለሁ።

አንድ ደንበኛዬ 244 በ244 ሚሊ ሜትር የነበረውን ማይክሮ ኤቲኤክስ ማዘርቦርዱን አውጥቼ፣ በዚያው ኬዝ ውስጥ 305 በ244 ሚሊ ሜትር የሆነ ኤቲኤክስ እንድገጥምለት አዘዘኝ። ኬዙ ሁለቱንም ስለሚቀበል ችግር ይገጥመኛል ብዬ አላሰብኩም። ነገር ግን ብሎኖቹን አስሬ ሳበራው ማራገቢያው ግማሽ ዙር ብቻ ዞሮ ይቆማል፤ ቦርዱን አውጥቼ ካርቶን ላይ ሳስቀምጠው ግን ያለ እንከን ይነሣል።

ስመረምር የሁለቱ መጠኖች የላይኞቹ ቀዳዳዎች ሲገጣጠሙ፣ የታችኛው ረድፍ እንደሚለያይ ተረዳሁ። ለማይክሮው የተተከሉት ሦስት መቆሚያዎች በአዲሱ ቦርድ ላይ ቀዳዳ በሌለበት ቦታ ስለሚያርፉ፣ ጀርባውን ነክተው ሾርት ያደርጉታል ማለት ነው። (አስቀድሜ ቦርዱን ከኬዙ ጋር ባለማስተያየቴ ጥፋቱ የእኔ ነው።)

ሁለቱን የናስ መቆሚያዎች ፈትቼ አወጣኋቸው። ሦስተኛው ግን ከኬዙ ቆርቆሮ ራሱ ተጨፍልቆ የወጣ እብጠት ስለሆነ አይፈታም። በኤሌክትሪክ ቴፕ ብሸፍነው የቦርዱ ጀርባ ብየዳ ሹል ጫፎች ከጊዜ በኋላ ይበሱት ይሆን? ወይስ በሞረድ ዝቅ ማድረግ ይሻላል? ይህን የሞከራችሁ ብትመልሱልኝ አመሰግናለሁ።