ለምታጠባ እናት ዲያዚፓም ይሸጥ ወይስ ይከልከል? ከድሬዳዋ ሰፈር ግሩፕ የተወሰደ ክርክር

ጠያቂዋ፦ እህቴ ከወለደች 5 ሳምንቷ ነው። እንቅልፍ እምቢ ብሏት ሐኪም ዲያዚፓም ጻፈላት። ዛሬ ግን አንድ ፋርማሲ «የምታጠቢ ከሆነ አልሸጥልሽም» ብሎ መለሳት። ወረቀት እያላት መከልከል ልክ ነው?

የመጋላው ባለሱቅ፦ ኧረ አቦ! ሐኪም ከጻፈ አለቀ። ፋርማሲው ማን ሆነና ነው? ደሞ በጡት የሚያልፈው እንጥፍጣፊ ነው። እናት ዓይኗ ፈጦ ከሚያድር ልጁ ትንሽ ቢያሸልብ ምን አለበት?

ፋርማሲስቱ፦ ባለሱቁ አንድ ነገር ላይ ልክ ነው። በአንድ ቀን የሚያልፈው ትንሽ ነው። አንዲት እናት ለምርመራ ብላ አንዴ ብትወስድ ብዙም አልጨነቅም። ችግሩ በየማታው ሲሆን ነው።

ዲያዚፓም ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። የትናንቱ ሳያልቅ የዛሬው ይደረብበታል። እናስላው። ግማሹ እስኪወጣ 2 ቀን ይፈጃል እንበል። በየማታው 5 ሚሊግራም የምትውጥ ሴት ሁለተኛው ማታ ላይ ሰውነቷ ውስጥ 8.5 ይኖራል። ሦስተኛው ማታ 11 ይሆናል። አሥረኛው ማታ 16.5 ገደማ ይደርሳል። የምትውጠው ግን ያቺው አንዷ ፍሬ ነች። በዚያ ላይ ጉበት ዲያዚፓምን ሲቀይረው የሚፈጠረው ነገር ራሱ ያስተኛል፤ ደሞ ከዋናው ይበልጥ ይቆያል።

ሕፃኑ ጋ ሲደርስ ሌላ ጣጣ አለ። ጉበቱ ገና ነው። የገባለትን እንደ እናቱ አያስወጣም።

የገንደቆሬ እናት፦ እኔ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። በእርግዝናዬ መጨረሻ 2 ወር በጭንቀት ይቺኑ ስወስድ ነበር። ልጄ ስትወለድ እንደ እርጥብ ጨርቅ ልፍስፍስ አለች። እጇን አንስተው ሲለቁት ዝም ብሎ ይወድቃል። አታለቅስም፣ ጡት አትስብም። 6 ቀን ሙሉ በአፍንጫዋ በገባ ቱቦ ነው ወተት የጠጣችው። አሁን 4 ዓመቷ ነው፣ ቤቱን እየገለባበጠች ነው። የሚገርማችሁ ግን ፋርማሲ ውስጥ «እርጉዝ ነሽ?» ያለኝ ሰው የለም። የሚገዛልኝ ባሌ ነበር። እሱ ሆድ የለው፣ ማን ይጠይቀዋል?

ፋርማሲስቱ፦ በእንግዴ ልጁ በኩል ከጡት ይበልጥ ያልፋል። ግን ይቺን ያነበበች እርጉዝ ዛሬውኑ እንዳትጥለው። 2 ወር የወሰደ ሰው በአንዴ ካቆመ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። በሐኪም እየተቀነሰ ነው የሚቆመው። ለሚጥል በሽታ ፌኖባርቢታል የምትወስድም ሴት እንደዚሁ በራሷ አታቁም።

የለገሃሬ ባጃጅ ሹፌር፦ ይሄን ሁሉ ምን አመጣው? ሚስቴ በኦፕራሲዮን ወልዳ ለሕመሙ ትራማዶል ተሰጣት፣ እሱም ያስተኛል። 4 ሰዓት ጠብቃ ወተቱን አልባ እየደፋች ታጠባለች። እህትሽም እንደዚያ ታድርግ።

ፋርማሲስቱ፦ ወንድሜ፣ ጡት ጀሪካን አይደለም። ደሟ ውስጥ መድኃኒቱ እስካለ ድረስ አዲስ የሚመጣው ወተት ውስጥም አለ። አልቦ መድፋት አያፈጥነውም። ሰዓት መጠበቅ የሚጠቅመው ቶሎ ለሚወጣ መድኃኒት ነው። ለዲያዚፓም ስንት ቀን ልትጠብቅ ነው?

ይልቅ የሚስትህ ነገር አሳሰበኝ። ትራማዶልን ጉበት ወደ ጠንካራ ነገር ይቀይረዋል። አንዳንድ ሰው ጋ ይሄ ከመጠን በላይ ይፈጥናል። በ1996 የወጣ ጥናት ላይ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ይህን የሚያፈጥነውን ጂን በትርፍ ይዘው ተገኝተዋል። አውሮፓውያን ጋ በጣም ያነሰ ነው። ሚስትህ ከእነሱ መሆን አለመሆኗን መልኳን አይተህ አታውቅም። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2017 የሚያጠቡ እናቶች ትራማዶልና ኮዴይን እንዳይወስዱ ያስጠነቀቀው በዚህ የተነሳ ነው። ለቁስሉ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ይበቃት እንደሆነ ሐኪሟን ዛሬ ጠይቁ።

የባጃጁ ሹፌር፦ እሺ፣ አሁን ልደውልላት።

አዋላጇ፦ ጠያቂዋ፣ እህትሽ ዛሬ መግዛት ልትጀምር ነው ወይስ ስትወስድ ቆይታለች? ልጁስ እንዴት ነው?

ጠያቂዋ፦ ይሄ ሁለተኛ ዙሯ ነው። ለ9 ማታ ወስዳለች። ልጁ ግን ምንም አይል፣ በጣም ጨዋ ነው። ሌሊት አይነሳም። ጎረቤት ሁሉ «ማሻአላህ፣ እንዲህ ያለ ልጅ አላየንም» ይላል።

አዋላጇ፦ እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው። የ5 ሳምንት ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ 8 ጊዜና ከዚያ በላይ ይጠባል። ትናንት ስንት ጊዜ ጠባ? ስንት ጊዜ ሽንት አረጠበ?

ጠያቂዋ፦ ደወልኩላት። 5 ጊዜ ጠብቷል፣ እሱም እየቀሰቀሰችው። ሁለት ሦስቴ ስቦ ጡቱ አፉ ውስጥ እያለ ይተኛል። ጨርቁ 3 ጊዜ ነው የረጠበው።

የመጋላው ባለሱቅ፦ ሙቀቱ ነዋ! በዚህ ወበቅ እኔም ከምሳ በኋላ እንደዚያው ነኝ።

አዋላጇ፦ በሙቀት የጠማው ልጅ አብዝቶ ነው የሚጠባው። በቀን 6 ጨርቅ ማርጠብ ነበረበት። አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ ነገ አትበሉ። ቀስቅሳችሁት እምቢ ካለ ወይም አተነፋፈሱ ከዘገየ በቀጥታ ሆስፒታል። የመድኃኒቱን ማሸጊያም ያዙ። ሌላም ነገር፦ አብራው ነው የምትተኛው አይደል? ክኒን የዋጠች እናት ስትገላበጥ ልጁ ላይ ብትወጣም አትነቃም። ዛሬ ማታ ሌላ ሰው አጠገቡ ይደር።

ፋርማሲስቱ፦ አንድ ነገር ልጠይቅ፣ እንዳትቀየሚኝ። ትቅማለች?

ጠያቂዋ፦ ከሰዓት፣ ትንሽ። አራስ ጥየቃ የሚመጡት ጋር።

ፋርማሲስቱ፦ አልፈርድም፣ ድሬ ነው ያለነው። ግን 9 ሰዓት ላይ የተቃመ ጫት ምርቃናው ሌሊቱን ይዟት ያድራል። ከዚያ ለእንቅልፍ ክኒን ትፈልጋለች። ጫቱም በጡት ያልፋል። የምትቅም እናት ልጅ ሽንት ውስጥ ከጫቱ ንጥረ ነገር አንዱ ተገኝቷል። ስለዚህ ልጁ ሁለቱንም እየጠባ ነው። ይሄን ለሐኪሟ ነግራዋለች?

ጠያቂዋ፦ አልነገረችውም። እናታችን አብራት ነበረች።

የመጋላው ባለሱቅ፦ ስለዚህ ፋርማሲው ልክ ነበር በሉኛ።

ፋርማሲስቱ፦ ግማሹን። እኔ ብሆን ወረቀቱ ላይ ያለውን ሐኪም ፈልጌ እደውል ነበር። ሎራዜፓም አለ፤ ቶሎ ይወጣል፣ ወተት ውስጥም ትንሽ ነው የሚገኘው። ባዶ እጇን መልሶ መስደድ ግን ሥራ አይደለም። ሌላ ጋ ሄዳ ትገዛለች።

አዋላጇ፦ በዚህ አልስማማም። ወረፋ ቆሞ እያየህ የትኛውን ሐኪም ታገኛለህ? ባይከለክላት እኮ እኛም ይሄን አናወራም ነበር።

የገንደቆሬ እናት፦ ባሏ ቢሄድ ኖሮ ይሸጥለት ነበር። ስለ እሱ ማንም አያወራም።

ጠያቂዋ፦ *(ማታ 3 ሰዓት)* ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ላኩን። በ2 ሳምንት ውስጥ የጨመረው 80 ግራም ብቻ ነው። ቢያንስ 280 መሆን ነበረበት አሉን። ዛሬ እዚያው እያዩት ያድራል። እሷን ክኒኑን አቁሚ ብለዋታል። ቦርሳዋን ስከፍት ግን አዲስ ማሸጊያ አገኘሁ። ያኛው ከከለከላት በኋላ ሌላ ቤት ገብታ ገዝታ ኖሯል። ምንም አልጠየቋትም።

የመጋላው ባለሱቅ፦ ስንት ፍሬ ሰጧት?

ጠያቂዋ፦ 20.