ክርክር፦ የቡድናችን አባላት ሩጫ ለሁሉም ይታይ?

የቡድኑ ጸሐፊ፦ አዲስ ደንብ ቀርቧል። ሁሉም አባል የእጅ ሰዓቱን ስትራቫ ከሚባለው የሩጫ መመዝገቢያና ማጋሪያ መተግበሪያ ጋር አገናኝቶ ሩጫውን ለማንኛውም ሰው ክፍት ያድርግ፤ አለበለዚያ የወሩ ውጤት አይያዝለትም። ትስማማላችሁ?

ዳዊት፦ እስማማለሁ። ባለፈው ወር በመኪና የሄደውን ርቀት ሩጫ ብሎ የላከ ሰው ነበር፤ ስሙን አልጠራም። በ2018 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ወታደሮች ሰፈር በስትራቫ ካርታ ታየ ተብሎ ብዙ ተወርቷል፤ እኛ ግን ወታደሮች አይደለንም። ለቤቱ የሚሰጋ ሰው በቤቱ ዙሪያ ያለውን መንገድ ከካርታው መደበቅ ይችላል።

ሕይወት፦ መደበቂያው የምታስበውን ያህል አይሸፍንም። መስመሩ ከካርታው ላይ ይቆረጣል እንጂ አጠቃላይ ርቀቱ አይቀነስም። ገጼ ላይ 7 ኪሎ ሜትር ተጽፎ የሚታየው መስመር 6.2 ቢሆን፣ የተደበቀው 800 ሜትር ነው። ከቤቴ ወጥቼ ወደ ቤቴ ስለምመለስ በየጫፉ ወደ 400 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ከአንድ ቀን ሩጫ ብዙ አይገኝም። በሌላ ቀን በሌላ አቅጣጫ ስወጣ ግን ሌላ ጫፍ ይታያል፤ ከየጫፉ እየለካ መንገዶቹን የሚከተል ሰው የሚገናኙበትን ቦታ ያገኛል። የቤልጅየሙ ሉቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2022 እ.ኤ.አ. ይህንኑ አሳይተዋል። እኔ ደግሞ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ብቻዬን የምወጣ ሴት ነኝ፤ የወጣሁበት ሰዓትም አብሮ ተጽፏል።

ጋሽ ተፈራ፦ እኔ ልጄ ከአሜሪካ የላከችልኝን ሰዓት ነው የማስረው። እንቅልፌንና የልብ ምቴን እዚያ ሆና ታያለች፤ «አባዬ፣ ትናንት አልተኛህም» እያለች ትደውላለች። ይህንንም ቡድኑ ያየዋል?

ሕይወት፦ አይ ጋሽ ተፈራ፣ እንቅልፍዎ ከሩጫው ጋር ስትራቫ ላይ አይወጣም። የልብ ምትዎን ግን ሲሮጡ ሰዓቱ ከመዘገበው አብሮ ሊታይ ይችላል፤ እሱን ለብቻው መዝጋት ይቻላል። ልጅዎ የምታየውን የሚወስኑት እርስዎና እሷ ናችሁ።

ሳሙኤል፦ እኔ በሰዓቴ መተግበሪያ በጋርሚን ላይ ሩጫዬን «እኔ ብቻ» ብዬ ዘግቻለሁ። ምን ያስጨንቃል?

ሕይወት፦ የዘጋኸው ጋርሚንን ነው። ሩጫው ስትራቫ ሲደርስ የሚገዛው የስትራቫ ምርጫ ነው፤ እዚያም `Only You` ወይም `Followers` ብለህ ለብቻው መምረጥ አለብህ። በራስህ ስልክ አትመርምረው፣ ለባለቤቱ የተደበቀው መስመር ጭምር ይታየዋል። የማይከተልህ ጓደኛ ከፍቶ ይይልህ።

ዳዊት፦ ታዲያ አጭበርባሪውን በምን እንያዘው?

ሕይወት፦ ለተከታዮች ብቻ ይከፈት፣ ጸሐፊውም ይከተለን። ገጹም የመከተል ጥያቄን ሳናጸድቅ ሰው እንዳያስገባ ይስተካከል።

ዳዊት፦ ጸሐፊው ብቻ የሚያየውን እኔ በምን አምነዋለሁ? ባለፈው ወር ያን ውጤት የመዘገበው እኮ እሱ ነው።

የቡድኑ ጸሐፊ፦ ሰውየው በመኪና እንደሄደ እኔ በምን አውቄ? ቅዳሜ ከሩጫው በኋላ ድምፅ እንሰጣለን።