«ስሙን አጥፍቻለሁ፣ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

የማታ ተረኛ፦ «ስሙንና የካርድ ቁጥሩን አጥፍቻለሁ፣ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?» ይለናል ትናንት የአንድ በሽተኛ ኬዝ ለማስተማሪያ የለጠፈው ሬዚደንት። ጎበዝ! የቀረው ስላይድ እንዲህ ይላል፦ «የ52 ዓመት ወንድ፣ የባትሪ ፋብሪካ የማቅለጫ ክፍል ኃላፊ፣ መጋቢት 3 የተኛ፣ ወንድሙም እዚያው የሚሠራ»። ስም ምን ያደርጋል ታዲያ? የፋብሪካው ዘበኛ ይነግርሃል።

ስላይድ ሠሪ፦ ሰውየው በእርሳስ ተመርዟል እኮ! ሥራውን ከደበቅኩ የሚቀረው ሆድ ቁርጠት፣ ደም ማነስና የዛለ እጅ ነው። ምኑን ላስተምር?

የማታ ተረኛ፦ ሥራውን ደብቅ ያለህ ማን ነው? «ከዚህ በላይ ምን ላድርግ» ነው ያልከው። ብዙ አለ።

ቀይ እስክሪብቶ፦ ሥራው ይቆይ፣ ምርመራው የቆመው በእሱ ላይ ነው። ኃላፊነቱ ግን ለምርመራው ምንም አይጨምርም፣ ለሚያውቁት ሰዎች ግን ጣት ይጠቁማል። እኔ ብሆን «በ50ዎቹ ዕድሜ ያለ፣ ለዓመታት ከባትሪ ጋር የሠራ ወንድ» እላለሁ። ወንድሙን «አንድ የሥራ ባልደረባም ተመሳሳይ ምልክት ነበረው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ምክንያቱ ከሥራ ቦታው መሆኑን ለማሳየት እሱ ይበቃል። መጋቢት 3 ደግሞ ቀን 0 ይሁን። የእርሳስ መጠኑ በተለካበትና መድኃኒቱ በተሰጠበት ቀን መካከል ያለው ርቀት ሳይነካ ቀን 2፣ ቀን 3 እያልክ ትቀጥላለህ። ተማሪው የሚፈልገው ርቀቱን ነው።

አቋራጭ፦ ይሄን ሁሉ ምን አደከማችሁ? የ38 ዓመት ሴት አድርጉትና ጨርሱ። ማንም አያገኘውም።

ቀይ እስክሪብቶ፦ ማደብዘዝና መዋሸት ለየቅል ናቸው። «በ50ዎቹ» እውነት ነው፣ «38» ግን ውሸት። በዚያ ላይ በ38 ዓመት ሴት ላይ እርሳስ ስታሳይ የመጀመሪያው ጥያቄ «እርጉዝ ናት ወይ?» ነው የሚሆነው። ሌላ ኬዝ ፈጠርክ ማለት ነው። የሕክምና መጽሔት አዘጋጆችም ዝርዝር ብትቀይር ሳይንሳዊ ትርጉሙ እንዳይዛባ ይላሉ።

አቋራጭ፦ ለሰውየው ብዬ እንጂ። ፕሮፌሰር ሆንክብን።

ሲስተር፦ እኔ የምፈራው ጽሑፉን ሳይሆን ሥዕሉን ነው። የእናቴ አልትራሳውንድ በአንድ ሴሚናር ላይ ታይቷል። ስሟ ከላይ በኩል አለ፣ አቅራቢው ጥቁር ሳጥን ደርቦበታል። ፋይሉ ለተማሪዎች ተላከ። አንዱ ሳጥኑን ጠቅ አድርጎ ወደ ጎን ሳበው። ሙሉ ስሟ ከነልደት ቀኗ! እኔም እዚያው ተቀምጬ ነበር።

ቀይ እስክሪብቶ፦ ይሄ በጣም የተለመደ ነው። ክሮፕ ማድረግም አያድንም፤ የተቆረጠው ክፍል ፋይሉ ውስጥ ይቀራል፣ ተመልሶ ይጎተታል። በፓወርፖይንት Compress Pictures ገብተህ Delete cropped areas of pictures ካላልክ አይጠፋም። አልትራሳውንድ ላይ ስሙ የሥዕሉ አካል ሆኖ ስለሚታተም፣ ስላይዱ ውስጥ ከማስገባትህ በፊት በሥዕል ማስተካከያ ቆርጠህ እንደ አዲስ ሥዕል አስቀምጠው። ከስላይዱ ሥር የሚጻፈውን ማስታወሻም ክፈት፤ ብዙ ሰው ከካርዱ የገለበጠውን ጽሑፍ እዚያ ይረሳዋል።

ባለራጅ፦ ታዲያ ሌሊት ለሲኒየሬ በስልክ ራጅ ስልክለትም ስም ላጠፋ ነው? በሽተኛ ይሙት?

የማታ ተረኛ፦ ያ እኮ ለሕክምና ነው። እዚህ የምናወራው ስለ ማስተማሪያ ነው። ከላይ ጀምረህ አንብበው።

ባለራጅ፦ ስልክ ስልክ ነው። እናንተ ጥላ ሥር ሆናችሁ ሕግ ትደረድራላችሁ፣ እኛ ሌሊት እንሠራለን።

የማታ ተረኛ፦ ስሜን አየኸው?

ስላይድ ሠሪ፦ እሺ፣ ሁሉንም አስተካክላለሁ። አሁን ነፃ ነኝ?

ቀይ እስክሪብቶ፦ ለጠዋቱ ስብሰባ ምናልባት። ኬዝ ሪፖርት አድርገህ ልታሳትም ከሆነ ግን አይደለህም። እጁ ከአንጓው ዝሎ ለሳምንታት ከሥራ የቀረ ሰው በባልደረቦቹ ዘንድ ይታወቃል፣ ስም ኖረም አልኖረ። የበሽተኛን መረጃ የሚጠብቀው የአሜሪካው የሂፓ ሕግ እንኳ 18 መለያዎችን ዘርዝሮ ሲያበቃ፣ የቀረው መረጃ ሰውየውን እንደሚያሳውቅ እያወቅህ ከሆነ ዝርዝሩን ማሟላትህ አይበቃም ይላል። እንዲህ ያለው ነገር በማጥፋት አይፈታም፣ በፈቃድ ነው። ጽሑፉን አሳየውና ይፈርም።

ስላይድ ሠሪ፦ ተሽሎት ሄዷል። ስልኩ አይነሳም።

አቋራጭ፦ ስለዚህ ስልኩ በማይነሳ ሰው በሽታ አይማሩበትም ማለት ነው? በቃ መማሪያ መጽሐፉን እናንብብ።

ሲስተር፦ የአንተ እናት ብትሆን?

አቋራጭ፦ እናቴ የባትሪ ፋብሪካ አትሠራም።

ስላይድ ሠሪ፦ ማሳተሙን ትቼዋለሁ። ማክሰኞ ጠዋት ብቻ አቀርባለሁ፣ ፋይሉንም ለማንም አልልክም።

ባለራጅ፦ ከኋላ የተቀመጡት ሁሉ ስክሪኑን በስልክ ነው የሚያነሱት። እኔም አነሳለሁ።